ሠንጠረዡ የሚቆጥረው ሰው ነው ወይስ ምርት?

«በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ለንግድ ባለሙያነት የቅጥር ፈተና እየተፈተንኩ ነው። የትኛው አገር በየትኛው ምርት አንጻራዊ ብልጫ እንዳለው የሚጠይቅ፣ ሁለት አገርና ሁለት ምርት ያለበት ሠንጠረዥ ሲመጣ ቀመሩን በቃሌ እያወቅሁት መልሱ ይገለበጥብኛል። በቃለ መጠይቅም ማስረዳት ያቅተኛል። ምን ላድርግ?»

ውድ ጠያቂ፣ መልሱን የሚገለብጥብዎት በቃልዎ የያዙት ቀመር ራሱ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በሁለት መልክ ይቀርባል፤ አንዱ በተወሰነ ጉልበት ስንት ምርት እንደሚገኝ ሲናገር፣ ሌላው አንድ ምርት ስንት ጉልበት እንደሚፈጅ ይናገራል። ለአንደኛው ትክክል የሆነው ክፍፍል በሁለተኛው ላይ ሲውል የተገላቢጦሽ መልስ ይሰጣል። የፈተና ወረቀት ባረምሁባቸው ጊዜያት ስሌታቸው እንከን የሌለው፣ መደምደሚያቸው ግን ፍጹም የተሳሳተ በርካታ መልሶች ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ያቀረበውን ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ አንዱን መጠን ምርት ለማምረት ለአንድ ዓመት የሚያስፈልጉትን ሠራተኞች ያመለክታሉ።

| | 1 ጨርቅ | 1 ወይን ጠጅ |
|---|---|---|
| እንግሊዝ | 100 ሰው | 120 ሰው |
| ፖርቱጋል | 90 ሰው | 80 ሰው |

ፖርቱጋል ሁለቱንም በአነስተኛ ጉልበት ስለምታመርት በሁለቱም ፍጹም ብልጫ አላት። አንጻራዊ ብልጫ ግን የሚለካው በክፍል ውስጥ ኦፖርቹኒቲ ኮስት በምንለው፣ ማለትም አንዱን ለማግኘት ሲባል በሚታለፈው ሌላ ምርት ነው። ቀመሩን ይተዉና ሰዎቹን ይከተሉ። እንግሊዝ አንድ ጨርቅ ለመጨመር 100 ሰው ከወይን ጠጅ ሥራ ታነሣለች፤ እነዚያ 100 ሰዎች በቦታቸው ቢቆዩ ኖሮ 100/120፣ ማለትም 0.83 ያህል ወይን ጠጅ ያመርቱ ነበር። ፖርቱጋል ደግሞ ለአንድ ጨርቅ 90 ሰው ስታነሣ 90/80፣ ማለትም 1.125 ወይን ጠጅ ታጣለች። ስለዚህ ጨርቅ የሚረክሰው በእንግሊዝ ነው፤ በጨርቅ አንጻራዊ ብልጫ ያላትም እርሷ ናት። የወይን ጠጁ ዋጋ የዚሁ ግልባጭ ስለሆነ በእንግሊዝ 1.2 ጨርቅ፣ በፖርቱጋል 0.89 ያህል ጨርቅ ይሆናል። አንድ አገር በሁለቱም ምርቶች አንጻራዊ ብልጫ ሊኖረው የማይችለውም በዚሁ ግልባጭነት ነው፤ እንዲህ ያለ ውጤት ካገኙ ስሌትዎ ውስጥ ስሕተት አለ ማለት ነው።

አሁን ውጤቱን ይፈትሹት። አገሮቹ ሳይነግዱ እያንዳንዳቸው ከሁለቱም ምርቶች አንድ አንድ ሲያመርቱ እንግሊዝ 220፣ ፖርቱጋል 170 ሰው ያሠማራሉ፤ ድምሩ 2 ጨርቅና 2 ወይን ጠጅ ነው። እንግሊዝ ሰዎቿን በሙሉ በጨርቅ ላይ ብታውል 2.2 ጨርቅ፣ ፖርቱጋል በወይን ጠጅ ላይ ብታውል 2.125 ወይን ጠጅ ይገኛል። አንድም ሰው ሳይጨመር ሁለቱም ምርቶች በዙ። ሠንጠረዡን ገልብጠው አንብበው እንግሊዝን ለወይን ጠጅ፣ ፖርቱጋልን ለጨርቅ ቢመድቡ ኖሮ ግን 1.83 ወይን ጠጅና 1.89 ጨርቅ ያገኙ ነበር፤ ሁለቱም ከመነሻው ያነሱ ናቸው። ይህ ማጣሪያ ሁለት መስመር የማይሞላ ስለሆነ በፈተና ላይ ፈጽሞ አይለፉት።

ቀጣዩ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የመለዋወጫው ዋጋ ነው። የአንድ ጨርቅ ዋጋ ከ0.83 ወይን ጠጅ በታች ከሆነ እንግሊዝ ወይን ጠጇን ራሷ ብታመርት ይሻላታል፤ ከ1.125 በላይ ከሆነ ደግሞ ፖርቱጋል ጨርቋን ራሷ ትሠራለች። አንድ ለአንድ ቢለዋወጡ እንግሊዝ 120 ሰው ይፈጅባት የነበረውን ወይን ጠጅ በ100 ሰው ጉልበት ታገኛለች፣ ፖርቱጋልም 90 ሰው ይፈጅባት የነበረውን ጨርቅ በ80። ዋጋው በሁለቱ ወሰኖች መካከል የት ላይ እንደሚያርፍ ሠንጠረዡ አይነግረንም፤ የሚወስነው የሁለቱ አገሮች ፍላጎት ነው። በወሰኖቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ጨርቅ 0.29 ያህል ወይን ጠጅ ስለሆነ፣ የማጓጓዣው ወጪ ከዚህ ከበለጠ ንግዱ ራሱ ይቀራል።

በቃለ መጠይቅ ላይ ጎበዝ ጠያቂ የእንግሊዝ ወይን ጠጅ ሠራተኞች ምን እንደሚሆኑ ሊያነሣ ይችላል። እዚህ ላይ ንግድ ሁሉንም ይጠቅማል ብለው አይመልሱ። ስሌቱ 120ዎቹ ሰዎች ያለ አንዳች ወጪ ወደ ጨርቅ ሥራ እንደሚዛወሩና እንደ ነባሮቹ እኩል እንደሚያመርቱ፣ የአንዱ አገር ሠራተኛም ወደ ሌላው እንደማይሄድ አስቀድሞ ወስዷል። የተገኘው ትርፍ የአገሪቱ ድምር እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ አለመሆኑን፣ ለማን እንደሚደርስ ለማወቅም በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለውን የደመወዝ መረጃ ማየት እንደሚያስፈልግ ይንገሩት።