ዓረቦኑ ሳይከፈል ቀረ፣ ሕክምናውስ? ጥያቄና መልስ ከቱሉ ዲምቱ

«የሕክምና መድኔን በየሦስት ወሩ ነው የምከፍለው። ጥር 5 መክፈል ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ጥር 24 ልጄ ትርፍ አንጀት ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሸፍኑልኛል?»

መላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ውልሽ ላይ የእፎይታ ጊዜ የሚለውን አንቀጽ ፈልጊ። 30 ቀን የሚል ከሆነ ጥር 24 ላይ ውሉ ገና በሕይወት ነበር። ብዙ ጊዜ ያልከፈልሽውን ቀንሰው ነው የሚከፍሉሽ። የሕክምናው ሂሳብ 40,000 ብር፣ ዓረቦንሽ 4,500 ብር ነው እንበል። 35,500 ብር ይደርስሻል። ችግሩ ሆስፒታሉ ጋ ነው። ስምሽን ሲያጣሩ ክፍያ ካልታየ በዱቤ አያክሙም። ከኪስሽ ከፍለሽ ከሆነ ደረሰኙንና የሐኪም ማስረጃውን እንዳትጥዪ። ደግሞ የእፎይታው ቀን የሚቆጠረው መክፈል ከነበረብሽ ቀን ነው፣ ማስታወሻ ቴክስት ከደረሰሽ ቀን አይደለም።

ሌላ ጠያቂ፦ «ታዲያ ዘግይቼ ብከፍልስ? ብሩን ከተቀበሉኝ አለቀ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ እነሱ ጋ ሦስት ወር ይታገሳሉ ብሎኛል።»

መላሽ፦ የወንድምህ ነገር ግማሹ ልክ ነው። እዚያ 90 ቀን የሚያገኘው መንግሥት ዓረቦኑን በታክስ ክሬዲት የሚደጉምለትና ቢያንስ የአንድ ወር ሙሉ የከፈለ ሰው ነው። ኩባንያው የመጀመሪያውን ወር ሕክምና ይከፍላል፣ የቀሩትን ሁለት ወራት ሂሳብ ግን ማንጠልጠል ይችላል። ውዝፉ ተጠቃሎ ካልተከፈለ ውሉ ወደኋላ ተመልሶ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ እንደተቋረጠ ይቆጠራል። የሁለቱ ወር ሕክምና በሰውየው ላይ ይወድቃል።

እዚህም የእፎይታው ጊዜ ካለፈ በኋላ ብር መቀበልና ውል መመለስ ለየቅል ናቸው። ማመልከቻ ትጽፋለህ፣ ውዝፉን ትከፍላለህ፣ የጤና መግለጫ ቅጽ እንደገና ትሞላለህ። በመሃል ስኳር ከተገኘብህ ጻፈው። ከደበቅከው በኋላ ካሳ ስትጠይቅ ፋይልህን አገላብጠው ይከለክሉሃል። ውሉ ተቋርጦ በነበረባቸው ቀናት የታከምከው ደግሞ ውዝፉን ብትከፍልም ብዙውን ጊዜ አይሸፈንም። ስለዚህ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ጸንቷል» የሚል ደብዳቤ ተቀበል። የወኪሉ «አይዞህ፣ ጨርሻለሁ» አይበቃም።

«እኔ የወረዳውን ጤና መድን ነው የያዝኩት፣ በዓመት አንዴ የሚታደሰውን። ለኔም 30 ቀን አለኝ ማለት ነው?»

መላሽ፦ እማማ፣ የእርስዎ ሌላ ነው። እስካሁን ያወራነው ከኢንሹራንስ ኩባንያ ስለሚገዛ ውል ነው። የእርስዎን የእድሳት ቀን ወረዳው የጤና መድን ክፍል ጠይቀው ዛሬውኑ ደብተሩ ላይ ያስጽፉ።

«ውሌ ከተቋረጠ አንድ ወር ሆነው፣ ነፍሰ ጡር ነኝ። አሮጌውን ላስመልስ ወይስ አዲስ ልግዛ?»

መላሽ፦ አዲስ ከገዛሽ የወሊድ የመጠበቂያ ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፣ መውለጃሽ ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። አሮጌውን ብታስመልሺ ይሻላል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እኔ ግን አስመልሼም «መጠበቂያው እንደ አዲስ ነው» ተብያለሁ።

መላሽ፦ እንዲህ የሚል ውልም አለ። ከመክፈልሽ በፊት ያንን አንቀጽ ፎቶ አንስተሽ አምጪውና አብረን እናንብበው።