ኤክሴሉን ከመተውሽ በፊት 40 ዕቃ ቁጠሪ

«ጤና ይስጥልኝ። ቃሊቲ መጋዘን ባለው የታሸጉ ምግቦችና የንጽህና ዕቃዎች አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የስቶክ ሠራተኛ ነኝ፤ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስጀምር 150 ዓይነት ዕቃ ነበረን፣ አሁን 650 ደርሷል። በቀን ወደ 45 ትዕዛዝ ይወጣል። ሁሉንም የምንይዘው በኤክሴል ነው። በቅርቡ አንድ ሻጭ መጥቶ የመጋዘን ሲስተም አሳየን። ባለቤቱ ‹እንግዛ ወይስ ይቅር? በአንድ ወር ውስጥ አስተያየትሽን ጽፈሽ አምጪ› አሉኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፤ ስለ ሲስተም ብዙ አላውቅም። ደግሞ ሲስተሙ ከገባ የእኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

እህቴ፣ ሻጩ ያሳየሽን ለጊዜው ተዪው። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዕቃ የማይገባበትና የማይወጣበት ሰዓት ፈልጊ። ከዚያ 40 ዕቃ ቁጠሪ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ሃያውን ከኤክሴሉ ላይ ምረጪ፤ በየ32 መስመሩ አንድ ብትወስጂ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ታዳርሺዋለሽ። እነዚህን ይዘሽ ወደ መጋዘኑ ግቢና ፈልጊያቸው። ሌሎቹን ሃያ ደግሞ በተቃራኒው፣ ከመደርደሪያው ላይ ዓይንሽ ያረፈበትን ምረጪና ወደ ኤክሴሉ ተመለሺ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄድሽ ግማሹ ያመልጥሻል። የመጀመሪያው መዝገብ ላይ ኖሮ መሬት ላይ የሌለውን ያወጣል፣ ሁለተኛው መሬት ላይ ኖሮ ያልተመዘገበውን። ቆጣሪው ሰው መዝገቡ ላይ ያለውን ቁጥር አስቀድሞ አይይ። 48 የሚል ካየ 48 ነው የሚቆጥረው፤ ሰው ነውና።

ቁጥሩ የተስማማውን ብቻ «ትክክል» በዪ። ያልተስማማውን ግን እንዳለ አትለፊው። የእያንዳንዱን ደረሰኝ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደሽ ለምን እንደተለያየ ጻፊ። የምትጽፊው አስተያየት ዋናው ክፍል ይኸ ነው።

ለምን ይህን እንደምል ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ስቶር ኪፐር ሆኜ የሠራሁበት አንድ አከፋፋይ ነበር። ልክ እንደናንተ በፍጥነት አደገና ሲስተም ተገዛ። ቆጠራውን ያደረግነው ከተገዛ በኋላ፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከ40 ዕቃ 27ቱ ተስማማ፣ 13ቱ አልተስማማም። ምክንያታቸውን ስንፈልግ አምስቱ የመለኪያ ስህተት ነበሩ። አንድ ካርቶን 24 ፍሬ ብለን መዝግበናል፤ አቅራቢው ግን አዲሱን ጭነት በ20 አሽጎ ልኳል፤ ማንም አላስተዋለም። አራቱ በስልክ «ቶሎ ላክልኝ» ተብለው ያለ ወጪ ደረሰኝ የወጡ ናቸው፤ ነገ እንጽፈዋለን ተብሎ ተረሳ። ሁለቱ፣ ሁለት ሰዎች የፋይሉን ሁለት ቅጂ ከፍተው የአንደኛው ሥራ የሌላኛውን ስላጠፋው ነው። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ዕቃው አለ፣ ግን ሌላ ጥግ ነበር።

አሁን ከአሥራ ሦስቱ ሲስተም ብቻውን የሚፈውሰው ስንቱን ነው? የመጨረሻዎቹን አራት። የቀሩት ዘጠኙ ሲስተም ውስጥም ያው ስህተት ሆነው ይቀጥላሉ። 24 ብለሽ ካስገባሽው ሲስተሙም 24 ይላል። ያለ ደረሰኝ የሚወጣ ዕቃ ስካነር ፊት አይቀርብም። እኛ ግን የተሳሳተውን ኤክሴል እንዳለ የመነሻ ሚዛን አድርገን ጫንነው። በሦስተኛው ወር ልጆቹ ሲስተሙን ማመን ትተው ደብተር ይዘው ነበር። ያ ዓመት አሁንም ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ከመግዛታችን በፊት አንድ ቅዳሜ ይበቃን ነበር።

ይህ ማለት ሲስተም አትግዙ ማለት አይደለም። ኤክሴል የሚቸገርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ በእናንተ ዓይነት ሥራ ሁለቱም ይመጣሉ።

አንደኛው ማብቂያ ቀን ነው። የሕፃናት ምግብ 300 ካርቶን አለን ይላል ኤክሴሉ። እውነት ነው፣ ግን ሦስት የተለያየ ማብቂያ ቀን አላቸው፣ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። አዲሱ ከፊት ስለተደረደረ ልጁ የሚያነሳው አዲሱን ነው፤ አሮጌው ከኋላ ቀኑ ያልፍበታል። ይህን በኤክሴል ለመያዝ ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ በየማብቂያ ቀኑና በየቦታው መስመር ያስፈልግሻል። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ቀንና ሁለት ቦታ ብቻ ቢኖረው እንኳ 650 መስመር የነበረው 2,600 ይሆናል። ሲስተሙ ግን ዕቃው ከመውጣቱ በፊት «ከዚህ ቦታ፣ ይኸኛውን ቀን አንሳ» ይላል፤ ሌላ ካነሳ ስካነሩ አይቀበለውም። ኤክሴል ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚያውቀው ከወጣ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የፍለጋ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ከዕቃ አውጪዎቹ ጋር ዋይና ሰዓት ያዢ። ለምሳሌ እያንዳንዱ ትዕዛዝ በአማካይ 8 ዓይነት ዕቃ ቢኖረው፣ 45 ትዕዛዝ 360 ማንሳት ነው። ከአምስቱ በአንዱ ልጁ «የት ነው ያለው?» እያለ 4 ደቂቃ ቢዞር፣ 72 ጊዜ በ4 ደቂቃ 288 ደቂቃ ይሆናል። በየቀኑ ወደ 5 የሥራ ሰዓት ማለት ነው። የራስሽን ቁጥር ተክተሽ አስይው። ባለቤቱ የሚገባቸው በሰዓትና በብር ሲቀመጥላቸው ነው። ባለፈው ዓመት ቀኑ አልፎበት የተወገደውንም ከደረሰኝ ደምሪና አጠገቡ ጻፊ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አስተካክዪ፤ ሁለቱም ገንዘብ ብዙ አይጠይቁም። መጀመሪያ ለመደርደሪያው አድራሻ ስጪው። A-03-2 ማለት A ረድፍ፣ ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ቀለምና ወረቀት ነው የሚፈጀው። ቀጥሎ ኤክሴሉን አስተካክዪ። ብዙ አከፋፋይ ቀሪውን ቁጥር እየሰረዘ አዲስ ይጽፍበታል፤ ስለዚህ ስህተቱ መቼ እንደገባ አይታወቅም። ቀሪውን አትጻፊ። የተቆጠረውን መነሻ ቁጥር እንደ ገቢ አስገቢ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በራሱ መስመር ጻፊ፣ ቀሪውን ፎርሙላው ያውጣው። A ቀን፣ B የዕቃ ኮድ፣ C ቦታ፣ D የደረሰኝ ቁጥር፣ E ገቢ፣ F ወጪ ይሁኑ። H2 ላይ ኮዱን፣ I2 ላይ ቦታውን ጽፈሽ እንዲህ በዪ፦

```
=SUMIFS(E:E,B:B,H2,C:C,I2)-SUMIFS(F:F,B:B,H2,C:C,I2)
```

ሁሉም ቁጥር በፍሬ ይሁን፣ በካርቶን አይሁን። ከመነሻው ቁጥር በቀር የደረሰኝ ቁጥር የሌለው መስመር አይግባ። ፋይሉን የሚጽፍበት አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ለባለቤቱ በወሩ መጨረሻ የምትጽፊው የመጀመሪያውን ቆጠራ ውጤት፣ ምክንያቶቹን፣ የሰዓቱንና የተወገደውን ዕቃ ሒሳብ ነው። ከዚያ ስድስት ሳምንት ጠይቂና ሌላ 40 ዕቃ ቁጠሪ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ከ40 ዕቃ 38ቱ መስማማታቸው ነው። ከ38 በታች ከሆነ አትግዙ፤ ዲሲፕሊኑ ገና ነው፣ ገንዘቡ ይባክናል። 38 ደርሶ ማብቂያ ቀኑና ፍለጋው ግን አሁንም የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ግዙ፣ ጊዜው ደርሷል። 38 ደርሶ አድራሻው ብቻ ፍለጋውን ካቃለለው፣ ኤክሴሉ ለአንድ ዓመት ይቀጥል። 40 ዕቃ ትንሽ ናሙና መሆኑን አትርሺ፤ 37 ከወጣ ሌላ 40 ጨምሪና ወስኚ።

ወደ መግዛት ከሄዳችሁ ሻጩ በራሱ ናሙና እንዳያሳያችሁ። ካርቶኑ 24ም 20ም የሆነበትን ያንን ዕቃ ስጪውና ፊትሽ ያስገባው። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ይንገርሽ፤ «አይጠፋም» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። አካውንታንቱ ፒችትሪ ላይ የሚሠራ ከሆነ ሽያጩ በራሱ ይሻገራል ወይስ ሁለት ጊዜ ይጻፋል? ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ከሆነ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይኖራችኋል። ዋጋውን ስትጠይቂም የስካነሩን፣ የሌብል ማተሚያውንና የየዓመቱን ክፍያ አብረሽ ጠይቂ፤ ክፍያው በዶላር ከሆነ በተለይ።

የሚጀመርበት ቀን ቀላል ነገር አይምሰልሽ። ከፋሲካ ወይም ከአዲስ ዓመት ግርግር በፊት ባሉት ሳምንታት አትጀምሩ። የበጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ለማንኛውም ሙሉ ቆጠራ አለ፤ ያንን የመነሻ ሚዛን አድርጋችሁ ሐምሌ 1 ግቡ። ኤክሴሉንና ሲስተሙን ጎን ለጎን ከሁለት ሳምንት በላይ አታቆዩ። ሰው ሲደክመው አንዱን ይተዋል፤ የትኛውን እንደተወ ግን አታውቂም።

ስለ ሥራሽ ያነሳሽውን አልረሳሁም። ሲስተም ሲገባ የሚቀንሰው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። የሚጨምረው ደግሞ የዕቃውን ዋና ዝርዝር መያዝ ነው፤ ኮዱን፣ ስንት ፍሬ በካርቶን እንደሆነ፣ ማብቂያ ቀን ይፈልግ እንደሆነ። በየሳምንቱ ጥቂት ዕቃ እየቆጠሩ ልዩነቱን ማሳደድም አለ። ይህ የኢንቬንቶሪ ኮንትሮል ሥራ ነው፤ ደረሰኝ ወደ ኋላ መከተልና ሚዛን ማስታረቅ ስለሆነ ከሶፍትዌር ይልቅ ለአካውንቲንግ ይቀርባል። ሻጩ ይህን አይሠራላችሁም። ባዶ ቤት ከሆነ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ስለዚህ አሁን፣ ሲስተሙ ሳይመጣ ጠይቂው። ሁለቱን የቆጠራ ውጤቶች በቀናቸው ፋይል አድርገሽ ያዢ፣ ሲቪሽ ላይ ከ«ኤክሴል እችላለሁ» ይልቅ እነሱ ይግቡ።

ለባለቤቱ የምትጽፊውን ደብዳቤ በዚህ ዝጊው፦ «ሲስተም ቢገዛም ባይገዛም የዕቃውን ዋና ዝርዝርና የየሳምንቱን ቆጠራ በኃላፊነት ልያዝ፤ የሁለተኛውን ቆጠራ ውጤት ከስድስት ሳምንት በኋላ አቀርባለሁ።»