የመድረክ ስምሽን መጀመሪያ በጆሮ ፈትኚው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ክራር እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ስሜ ፀደይ ነው፣ ቤተሰብም ጓደኛም ፀዲ ነው የሚሉኝ። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዬን "ፀዲ" ብዬ ልለቅ ስል ጓደኛዬ "ስሙ የሌላ ሰው ይመስላል" አለችኝና ግራ ገባኝ። የገዛ ስሜ አይደለም እንዴ? ፖስተሩ ሊታተም ነው፣ ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ፖስተሩን ለጊዜው አስቁሚው፣ እህቴ። ስሙ ያንቺ ነው፣ በስምሽ መጠራትሽን ማንም አይከለክልሽም። ግን አሁን መጠየቅ ያለብሽ «ፀዲ» ሲባል ሙዚቃ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ማን ትዝ ይለዋል የሚለውን ነው። ከፀደንያ ገብረማርቆስ ጋር ልታደናግሪ ትችያለሽ፣ እሷ ደግሞ ዘፋኝ ናት፣ ያውም የታወቀች። «ፀደይ» ብለሽ ሙሉውን ብትይው ደግሞ ፍለጋ ላይ የሚመጣው ፀደይ ባንክና ስለ ወቅቱ የተጻፈው ሁሉ ነው። ባንኩ አያስከፋሽም፣ ሥራችሁ አይገናኝም፣ ማንም አንቺን ከባንክ ጋር አያምታታም። ችግሩ ሰው ዘፈንሽን ሰምቶ ሲፈልግሽ አለማግኘቱ ነው። ከሌላ ዘፋኝ ጋር መምታታት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያንን ነው በደንብ ማየት ያለብሽ።

ፍተሻውን በስልክ ጀምሪው። ዕቅድሽን ለማያውቁ ጥቂት ሰዎች ደውይና «ፀዲ የምትባል ዘፋኝ ሰምተሃል?» በያቸው፣ ከዚያ ስሙን ጽፈው እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ሁለት ነገር ታገኛለሽ። አንደኛው ማን ትዝ እንዳላቸው ነው። ሦስት አራቱ ያንኑ አንድ ሰው ከጠሩልሽ መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አጻጻፉ ነው፤ አንዱ ፀዲ ይላል፣ አንዱ ጸዲ፣ ሌላው በላቲን Tsedi፣ Tsedy ወይም Sedi ብሎ ይልክልሻል። አድማጮችሽም እንደዚሁ እየጻፉ ነው የሚፈልጉሽ። እኛ ጋ በሬዲዮና በታክሲ የሚሰማ ስም በአንድ ፊደል ብቻ አይገባም፣ ፀና ጸ፣ ሰና ሠ፣ ሀና ሐ ለጆሮ አንድ ናቸው። ስለዚህ «እሷ በጸ ናት እኔ በፀ ነኝ» ብሎ ነገር አይሠራም።

የሰበሰብሻቸውን አጻጻፎች አንድ በአንድ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ስፖቲፋይ ላይ አስገቢያቸው፣ ብቻቸውን ከዚያም «ዘፈን» የሚለውን ቃል ጨምረሽ። ስንት አካውንት አለ ብለሽ አትደንግጪ፣ ፀዲ የሚባል አካውንት መዓት ነው። የምታይው ሦስት ነገር ነው፦ ሰውየዋ በሙዚቃ ሥራ ላይ ናት ወይ፣ አሁንም እየለቀቀች ነው ወይ፣ ኮሜንት ላይ አድናቂዎች በዚያ ስም ይጠሯታል ወይ። ሦስቱም አዎ ከሆኑ ስሙን ተዪው። አካውንቱ ዓመታት የቆየ፣ አንድ ሁለት ቪዲዮ ብቻ ያለበት ከሆነ ግን ያን ያህል አያሳስብም።

ስፖቲፋይ ላይ ስም መመሳሰል የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው። ዘፈንሽን የሚጭንልሽ አከፋፋይ በዚያው ስም ሌላ አርቲስት እንዳለ ሳያጣራ ከላከው፣ ዘፈንሽ የዚያች አርቲስት ገጽ ላይ ሊወጣ ይችላል። እሷ ያልዘፈነችው ዘፈን ገጿ ላይ ይሆናል፣ ያንቺ አድማጭ ደግሞ እሷን ፎሎው አድርጎ ይቀራል። ይስተካከላል፣ ግን ዘፈኑ የሚሰማበት የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሲጫን «ለአዲስ አርቲስት አዲስ ገጽ ይከፈት» የሚለውን ራስሽ ቁጭ ብለሽ እዪው፣ ለሌላ ሰው አትተዪው።

ፊደል ብቻ መቀየር ያዋጣ የለም ወይ ካልሽኝ፣ አለ። ከኢትዮጵያዊ ወላጆች ካናዳ የተወለደው አቤል ተስፋዬ The Weeknd ሲል አንዷን e የጣላት The Weekend የሚባል የካናዳ ባንድ ስለነበረ ነው። ግን እሱ ጀማሪ ሳለ የታወቀው በኢንተርኔት ነው፣ ስክሪን ላይ ያቺ የጎደለች ፊደል ወዲያው ትታያለች። አንቺ ደግሞ ሠርግ ቤትና ኤፍኤም ላይ ነው ልትጠሪ ያሰብሽው።

ታዲያ ምን ይሻላል? በኔ እምነት ፀዲን አትጣይው፣ ሁለተኛ ቃል ጨምሪበት። የእኛ አገር ዘፋኞች ይህን ጥሩ አድርገው ሠርተውበታል። ቤቲ የሚባል ሰው በየሰፈሩ አለ፣ ብሩክታዊት ጌታሁን ግን ከአባቷ ስም የመጀመሪያውን ፊደል ወስዳ ቤቲ ጂ ሆነች፣ አሁን ማንም አይምታታም። ቴዲም እንደዚያው፣ ስንቱ ቴዲ እያለ ቴዎድሮስ ካሳሁን አፍሮን ጨመረና የራሱ አደረገው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ሁለተኛው ቃልም ባለቤት ሊኖረው ይችላል። «ፀዲ አፍሮ» ብትይ ፀዲ የሚለው አይደለም የሚያጣላሽ፣ አፍሮው ነው፣ ሰው የቴዲ ዘመድ ወይም ኮፒ አድርጎ ነው የሚያይሽ። «ፀዲ ጂ»ም ያው ነው። ስለዚህ የጨመርሽውን ቃል ለብቻው ፈትኚው፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። «ፀዲ ክራር» የሚለውን ሳታስቢው አትቀሪም ብዬ እገምታለሁ፣ ጆሮ ላይ ጥሩ ነው፣ ግን ነገ ከባንድ ጋር ክራር ሳትይዥ መድረክ ስትወጪ ስሙ ያስርሻል። እኔ ብሆን ከአባትሽ ወይም ከአያትሽ ስም አጭር የሆነውን እመርጥ ነበር። የራስሽ ነው፣ «ከየት አመጣሽው?» የሚልሽም የለም።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርሽ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን በብዕር ስም ወይም ያለ ስም ማውጣት መብትሽ ነው ይላል፣ የሚጠብቀው ግን ሥራውን ነው፣ የመድረክ ስሙን አይደለም። ስም የሚጠበቀው በንግድ ምልክት ነው፣ አዋጅ 501/1998፣ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ይመዘገባል። የመረጥሽው ስም እዚያ በሌላ ሰው ተመዝግቦ እንደሆነ አስፈትሺ። ለማስመዝገብ ከወሰንሽ በራስሽ ስም ይሁን፣ በፕሮዲውሰሩ አይሁን። ከእሱ ጋር የምትፈራረሚው ውል ላይም መታወቂያሽ ላይ ያለው ሙሉ ስም ይቅደም፣ «በመድረክ ስሟ እንዲህ የምትታወቀው» የሚለው ከኋላ ይግባ።

ምዝገባው አገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው፣ አሜሪካ ለዳያስፖራው ልዘፍን ካልሽ የዚያን አገር መዝገብም እዪ፣ ፍለጋው በነፃ ነው። መዝገብ ላይ አለመኖር ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሌዲ አንተቤለም የሚባለው ታዋቂ ባንድ ስሙን ወደ ሌዲ ኤ ሲቀይር፣ በዚያው ስም ለብዙ ዓመታት የዘፈነች የሲያትል ብሉዝ ዘፋኝ ነበረች፣ አኒታ ዋይት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የተቋጨውም በ2022 በስምምነት ነው። ያንን ያህል ጊዜ ስም የያዘችን ዘፋኝ ቀድሞ ፈልጎ ማግኘት ከባድ አልነበረም።

አንቺ በዚህ ሳምንት የስልኩን ሙከራ ጨርሺ። ስሙ ከጠራልሽ ደግሞ ለማንም ሳትናገሪ፣ ፖስተሩም ሳይታተም፣ የዩቲዩብ፣ የቲክቶክና የቴሌግራም ስሞቹን በአንድ አጻጻፍ ያዣቸው። ፀዲን አንዱ ጋ በ y፣ ሌላው ጋ በ i እንዳታደርጊው።