ስንዴው መሃሉ ድንጋይ፣ ገብሱ ገንፎ

«እትዬ፣ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ስንዴ፣ ፍትግ ገብስና ዳጉሳ በአንድ ድስት ቀቅዬ ንፍሮ ልሠራ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈልቶ ስንዴው መሃሉ አሁንም ድንጋይ ነው፤ ገብሱ ገንፎ ሆኗል፤ ዳጉሳው ታች ተጣብቆ አሯል። አልዘፈዘፍኩም። ውሃው ስንት፣ ሰዓቱስ ስንት ነው?»

ልጄ፣ እሳትሽ አላነሰም፤ ውሃው ነው ወደ ስንዴው መሃል ያልደረሰው። ስንዴ ሲፈጭ ፉርሽካ የሚሆነው ቡናማ ሽፋን ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ውስጡ ያለው ነጩ ክፍል ውሃ ካገኘ ለመብሰል ብዙ ሙቀት አይፈልግም፤ ካላገኘ ግን የቱንም ያህል ቢፈላ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ውጪው ፈንድቶ ውስጡ የሚቆረጥመው ለዚህ ነው።

ያለሽበትም ቦታ የራሱን ያደርጋል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃሽ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 91 ዲግሪ ገደማ ነው። እሳት ብትጨምሪ ውሃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ቆላና ባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች «50 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ለአንቺ አይሠራም።

ስለዚህ ስንዴውን ማታ ዘፍዝፊው። ሦስት ኩባያ ስንዴ ለቅመሽና አጥበሽ፣ ከላዩ አራት ጣት የሚያልፍ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጊበትና ይደር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ዘፍዝፈሽ ጠዋት 12 ሰዓት ብታነሺው አሥር ሰዓት ሆነው፤ ለሱሉልታ ብርድ ልኩ ይሄ ነው። ፓስታ የሚሠራበት ጠንካራው ስንዴ ከሆነ ሁለት ሰዓት ጨምሪለት። ሞቃት ክፍል ውስጥ ግን አታቆይው፤ ላዩ አረፋ ካወጣና ከኮመጠጠ መቡካት ጀምሯል ማለት ነው።

መድረሱን በዓይንሽ እይው። አንድ ፍሬ አንሺና በቢላ ለሁለት ቁረጪው። መሃሉ ላይ እንደ ጠመኔ የነጣ ደረቅ ነጥብ ከታየሽ ውሃው ገና አልደረሰም፤ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆኖ ጥፍርሽ ሲጫነው የሚሰምጥ ከሆነ ደርሷል። እኔ ድስት ከማውጣቴ በፊት ሁሌም ከተለያየ ቦታ አምስት ስድስት ፍሬ እቆርጣለሁ፤ አንድ ፍሬ ብቻ ያታልላል።

የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊና አዲስ አድርጊ። ሳይዘፈዘፍ በሰፈርሽው ልክ ለአንድ ኩባያ ስንዴ ሦስት ኩባያ ውሃ ይበቃል፤ ክዳንሽ የማይገጥም ከሆነ አራት አድርጊው። ንፍሮ እንደ ሩዝ ውሃውን ጠጥቶ እንዲያልቅ አይጠበቅም፤ የተረፈው ይጠለላል፣ ስለዚህ ትንሽ ቢበዛ አትፍሪ። ጎድሎ መጨመር ካለብሽ የፈላ ጨምሪ፤ ቀዝቃዛው ድስቱን ያበርደውና ሰዓትሽን ይወስዳል።

አንድ ድስት ከፈለግሽ ደግሞ ሰዓቱን ለያይተሽ ጨምሪ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሦስቱ ኩባያ ስንዴ በዘጠኝ ኩባያ ውሃ መፍላት ጀመረ እንበል። እንደፈላ እሳቱን ቀንሺው፤ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ሲንፈቀፈቅ ፍሬው እርስ በርሱ እየተጋጨ ሽፋኑ ይቀደዳል። 1 ከ40 ሲሆን የታጠበ አንድ ኩባያ ፍትግ ገብስ ከሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ ጋር ጨምሪ። ገብሱ ሽፋኑ በፍተጋ ስለተነሳለት መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፤ ከ35 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል። ያንቺ ገንፎ የሆነው ሁለት ሰዓት ስለቆየ ነው። 2 ከሩብ ላይ እንደገና ቁረጪና እይ፤ ነጭ ነጥቡ ከጠፋና ሲታኘክ ትንሽ ብቻ የሚቋቋም ከሆነ አውጪው። ካልሆነ እስከ 2 ተኩል ይቆይ። ጨውን መጨረሻ ላይ አድርጊ፤ ሎሚ የምትጨምሪ ከሆነ ደግሞ ከእሳት ከወጣ በኋላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ሽፋኑን ያጠነክረዋል።

ዳጉሳውን ግን በፍጹም አብረሽ አታስገቢ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከሌሎቹ ሥር ይዘቅጥና ያራል። አሸዋ ስለማይጠፋው ውሃ እየቀያየርሽ ደጋግመሽ እጠቢው፤ አሸዋው ታች ሲቀር ዳጉሳውን ከላይ ቀስ ብለሽ አፍሺው። ከዚያ ለአንድ ኩባያ ሦስት ኩባያ ውሃ አድርገሽ፣ በትንሽ እሳት ለብቻው ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀቅይው፤ አንዳንዴ አማስይው። ሲቀርብ ነው የሚቀላቀለው።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን አትድፊው። ያረረውን ታች ሳትነኪ ከላይ ያለውን ወደ ሌላ ድስት ገልብጪና የፈላ ውሃ ጨምረሽ፣ ስንዴው እስኪለሰልስ በትንሽ እሳት መልሰሽ ጣጅው። ገብሱ ከእንግዲህ ስለማይመለስ ንፍሮ አይሆንልሽም፤ ሽንኩርትና ካሮት ጨምረሽ ሾርባ አድርጊው፣ ወፍራም ሆኖ ይወጣል።