ማታ ማታ የአንድ ከተማ ተጫዋቾች ብቻ ሲቋረጡ

«የአንድ ከተማ ልጆች ብቻ ማታ ማታ ከጌሙ ይቋረጣሉ፣ ሌሎቻችን ሰላም ነን። ችግሩ ከሰርቨሩ ነው ወይስ ከእነሱ ኢንተርኔት?»

ሰርቨሩ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁንም ይነካ ነበር። እኔ የምጠረጥረው የልጆቹ ኢንተርኔት አቅራቢ ከሌላ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ነው፤ ሰው ሲበዛ ይጨናነቃል። ከሚቋረጡት አንዱ ችግሩ እየታየ ሳለ ይህን ያስኪድ (ዊንዶውስ ላይ WinMTR አለ)፣ በቁጥሩ ቦታ የሰርቨራችሁን አድራሻ ያስገባ፦

```
mtr -rwc 200 203.0.113.10
```

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱን ሲያነብ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ ወደ ሰርቨሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ራውተር ነው። 5ኛው ረድፍ ላይ Loss% 40 ቢልና ከ6ኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው 0 ቢሆን፣ ምንም አልጠፋም። ያ ራውተር ለሙከራ ፓኬት መልስ መስጠቱን ቀንሷል እንጂ የጌሙን ዳታ በደንብ ያሳልፋል። 8ኛው ረድፍ ላይ Loss% 6 ብሎ ጀምሮ እስከ ሰርቨሩ ድረስ በዚያው ከቀጠለ ግን ጥፋቱ እውነተኛ ነው። ያኔ የ7ኛውንና የ8ኛውን ስም አስተያዩ፤ የድርጅቱ ስም እዚያ ላይ ከተቀየረ፣ የተጨናነቀው የሁለቱ መገናኛ ሳይሆን አይቀርም።

«ሳይሆን አይቀርም» ያልኩት ዳታው ሲመለስ በሌላ መንገድ ሊመጣ ስለሚችል ነው። የመመለሻው መንገድ ቢታመምም ከልጁ በኩል የሚታየው ያው ጥፋት ነው። ስለዚህ የሰርቨሩ ባለቤት በዚያው ሰዓት ወደ ልጁ አድራሻ mtr ያስኪድ፤ ሁለቱንም ውጤት፣ አንድ ደህና በሆነ ጠዋት የተወሰደም ጨምራችሁ ለአቅራቢው ላኩ። እስከዚያው ቪፒኤን ሞክሩ፤ መንገዱን ስለሚቀይር መቋረጡ ካቆመ ጥርጣሬውን ያጠናክራል።