ሞንትሪያል ስትደርሺ የሚጠብቅሽ ፈረንሳይኛ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ተምሬ መካከለኛ ደረጃ ደርሻለሁ። በቅርቡ ሞንትሪያል እሄዳለሁ። የኩቤኮች አነጋገር ከባድ ነው ይላሉ። ምን ላይ ልዘጋጅ?»

እህቴ፣ ሰዋስውሽን ተይው፣ ይበቃሻል። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ።

1ኛ፦ የምግብ ስሞች። በተማርንበት መጽሐፍ «ዴዠኔ» ምሳ፣ «ዲኔ» እራት ነው። ኩቤክ ግን «ዴዠኔ» ቁርስ፣ «ዲኔ» ምሳ፣ «ሱፔ» እራት ነው። ቤልጅየምና ስዊዘርላንድም እንደዚሁ።

ልጄን ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ከአንድ ቢሮ ተደወለልኝ። ሴትዮዋ «ማርድዚ፣ አፕሬ ድዚኔ» አለችኝ። ማክሰኞ ከእራት በኋላ ማለቷ መስሎኝ አመሻሽ ላይ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። በማግስቱ ስመለስ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። «ከምሳ በኋላ ብዬህ ነበር!» ቀጠሮዬን ለሳምንታት አራዘመችው፤ ልጁም ያን ያህል ቤት ዋለ። እስካሁን ያናድደኛል። «በሰባት ሰዓት» ብትለኝ ምን ነበረበት! አንቺ ቀጠሮ ሲሰጡሽ «አ ኬል ኧር?» ብለሽ ሰዓቱን በቁጥር አስነግሪያቸው፤ ራስሽም ደግመሽ በይው። «ትሬዝ ኧር» ካሉሽ የኛ ሰባት ሰዓት ነው።

2ኛ፦ «ማርዲ» ለምን «ማርድዚ» እንደሆነ ገብቶሻል? ኩቤኮች «ት» እና «ድ» በ«ኢ» ወይም በፈረንሳይኛው «ዩ» ፊት ሲመጡ «ትስ» እና «ድዝ» ያደርጓቸዋል። «ፕቲ» «ፕትሲ»፣ «ዲስ» «ድዚስ» ይሆናል። በ«ኣ»፣ በ«ኡ» እና በ«ኦ» ፊት ግን አይለወጡም፤ «ታብል» ያው «ታብል» ነው። ይህ የሰፈር አነጋገር አይደለም፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢም እንዲሁ ይላል። ስለዚህ ከአሁኑ የሞንትሪያል ሬዲዮ ክፈቺ። ዜናው ጆሮሽን ለድምፁ ያለማምደዋል፤ አድማጮች የሚደውሉበት ፕሮግራም ደግሞ ለቀጣዩ ነገር ይጠቅምሻል።

ቀጣዩን ነገር ያሳየችኝ ያቺው ሴትዮ ናት። «ቩ ዛቬ-ትሱ ቮ ፓፒዬ?» አለችኝ። በ«እርስዎ» ጀምራ «ትሱ» ስትል፣ አንተ ማለቷ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ያኛው «ትሱ» ግን «አንተ» አይደለም። ባለቤቱ አስቀድሞ ተጠርቶ ከግሱ ኋላ ሲመጣ እንደኛ «ወይ» ነው፣ «ወረቀትዎን ይዘዋል ወይ?» እንደማለት። «ሳ ቫ-ትሱ?» ሲሉሽም «ደህና ነሽ ወይ?» ማለታቸው ነው። በጩኸቷ ይቅር አልላትም፣ በዚህ ግን አልበደለችኝም።

ዛሬ አዲስ የመጡ ሐበሾች ቢሮ ሲደወልላቸው ስልኩን ለእኔ ነው የሚያቀብሉት፣ ደስ ብሎኝ አስተረጉማለሁ። አንቺ እንደነሱ ለመናገር አትድከሚ፣ የተማርሽውን አነጋገር ሁሉም ይረዳዋል። ይህን «ትሱ» ደግሞ በፈተናም በደብዳቤም እንዳትጽፊው፤ የአፍ ብቻ ነው።