ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፦ ለፈራሽው እህቴ

«ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሚቀጥለው ሳምንት ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልሄድ ነው፣ የመጀመሪያዬ ነው። ገና ሳስበው ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍም አጣሁ። የፈራችሁና የሄዳችሁ ካላችሁ ምን አድርጋችሁ ነው?»

እህቴ፣ እኔ በዚህ ፍርሃት የአንድ ትኬት ብር ከስሬያለሁ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይም ምሳው ተነሥቶ ነው የደረስኩት። ስለዚህ ስሚኝ።

1. የጠዋት በረራ ያዢ። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይሄ አይጠፋውም፤ ሐይቁ ጠዋት ተኝቶ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ታንኳ ማስቸገር ይጀምራል። ሰማዩም እንደዚያው ነው። ፀሐይ መሬቱን ካጋለች በኋላ ሙቁ አየር ሽቅብ ይወጣና አውሮፕላኑን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ያስደነግጣል እንጂ ቀበቶሽን አስረሽ ከተቀመጥሽ ምንም አያደርግሽም። የወንበር ምርጫ ከተሰጠሽ ክንፉ አካባቢ ይሁን፤ ወደ ጭራው መወዛወዙ ይብሳል።

2. የዚያን ቀን ቡና ይቅርብሽ። እናቴ «በረካውን ሳትጠጣ አትወጣም» ብላ ሦስቱንም አጠጥታኝ ነው የወጣሁት። ቡናው ልቤን ሲያስመታው እኔ የመጣብኝ ሞት መሰለኝ። «አረቄ ቢጤ ቅመሽ» የሚልሽንም አትስሚ። ኪኒን ካስፈለገ ሐኪም ይዘዝልሽ፣ ከመጠጥ ጋር ግን በፍጹም። እኔን አንዱ መድኃኒት ቤት ምንም ሳይጠይቀኝ ማስተኛ ሊሸጥልኝ ነበር።

3. ከበሩ አትመለሺ። የኔ ኪሳራ እዚህ ላይ ነው። ሻንጣዬን አስገብቼ፣ ተፈትሼ፣ ሰዎች ወደ አውሮፕላኑ ሲሰለፉ እግሬ ከዳኝ። «ቀርቻለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሻንጣዬን እስኪያወጡልኝ ስንት ቁጣ! ትኬት ቢሮ ሄጄ ገንዘቤን ብጠይቅ ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ፈሪ ከሆንክ ለምን ቆረጥክ?» አለችኝ፣ ያውም ሰው ፊት። እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በማግስቱ በመኪና ያንን የአባይ በረሃ ቁልቁለት ወርጄ ሽቅብ ወጣሁ፤ ከዚያ መንገድ በላይ የሚያስፈራ ምን አለ?

ግን ከገንዘቡ የባሰው ሌላ ነው። ከበሩ ዞሬ ስወጣ የተሰማኝ እፎይታ እንዴት ይጣፍጥ ነበር መሰለሽ። ያ እፎይታ ነው ፍርሃቴን ያሳደገው። ሰውነቴ «ሸሽተህ ነው የተረፍከው» ብሎ ተማረ፣ ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይገለበጥ ጀመር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ከረምኩ።

በሁለተኛው ጉዞ ያዳነኝ ምን እንደምሰማ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ማግኘቴ ነው፤ ደጋግሞ የሚበር ዘመዴ ነው። አንቺም አሁኑኑ እወቂው። በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ነው፣ ክንፉ ከላይ ነው። ከክንፉ ሥር መስኮት ዳር ተቀምጬ ነበርና ልክ ከመሬት እንደለቀቅን ጎማዎቹ ታጥፈው ሞተሩ ሥር ሲገቡ በዓይኔ አየሁ፤ ግድግድ የሚለው እሱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የሞተሩ ጩኸት በድንገት ቀነሰ። ያኔ ሆድሽ ባዶ ይሆናል፣ «ጠፋ፣ ልንወድቅ ነው» ትያለሽ። አልጠፋም። ለመነሣት የተሰጠው ጉልበት ስላበቃ አብራሪው ቀንሶት ነው፤ መውጣቱን እየቀጠለ ነው።

እኔ ይሄን እያወቅሁም ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ከንፈሬን ወረረኝ፣ አየር ያጠረኝ መሰለኝ። ለካ አየር አጥሮኝ ሳይሆን አብዝቼ እየተነፈስኩ ነው። እንዲህ ሲሆን ደጋግመሽ አየር አትሳቢ፣ ይብስብሻል። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን አጥብበሽ እስከ 6 ወይም 7 ድረስ አውጪው። ዋናው ማውጣቱ ነው። ትከሻሽን ጣይ፣ የወንበሩን እጀታ ልቀቂ። ድንጋጤው ጫፍ ላይ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው፣ አትታገዪው፣ ቁጠሪ ብቻ። እኔ ስቆጥር ጣና ከኋላ ቀርቶ ነበር።

አስተናጋጇንም ስትገቢ «የመጀመሪያዬ ነው፣ እፈራለሁ» በያት። እኔ አፍሬ ዝም ልል ነበር፤ ስነግራት ግን መንገጫገጭ ሲጀምር መጥታ «አሁን ያልፋል» አለችኝ፣ አለፈም። ጉዞው እኮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

አተነፋፈሱን ግን አውሮፕላን ላይ ልሞክረው እንዳትዪ፣ ያኔ አይመጣልሽም። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ ከመተኛትሽ በፊት አምስት አምስት ደቂቃ ተለማመጂው፤ እንቅልፍሽንም ይመልስልሻል። የደረት ሕመም ወይም የልብ ችግር ካለብሽ ደግሞ ፍርሃት ነው ብለሽ አትለፊው፣ ከመሄድሽ በፊት ታይተሽ ሂጂ።